ለእናት ወይም ለአያት የእግር ጥፍር መቁረጥ፦ መቁረጫው ጥቂት፣ ሞረዱ ብዙ

ዕድሜ የገፋ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሩን መንካት ሲያቅተው ቤተሰቡ ቶሎ አያውቅም። ፊት ይታያል፣ እጅ ይታያል፤ እግር ግን ካልሲና ጫማ ውስጥ ነው። እናትም «ጥፍሬን ቁረጡልኝ» ብለው መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው «ይሄ ጫማ ጠበበኝ» ማለት ሲጀምሩ ወይም አንሶላው በጥፍር ተተልትሎ ሲገኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥፍሩ ወፍሯል፣ ጠንክሯል፣ አንዳንዱም ወደ ጎን ዞሮ ጎረቤቱን ጣት መውጋት ጀምሯል።

እንዲህ ያለውን ጥፍር በአንድ ቀን አስተካክሎ መገላገል ያምራል። ችግር የሚመጣውም በዚሁ ችኮላ ነው። በመቁረጫ ጥቂት ይወሰዳል፣ የቀረውን ሞረድ ይጨርሰዋል፤ ሥራውም በተለያየ ቀን ይከፋፈላል።

መጀመሪያ፦ በቤት ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ስኳር አለባቸው? ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ትንሽ ጭረት እንኳ ብዙ ያደማዋል፤ ስለዚህ መቁረጫውን ተዉትና በሞረድ ብቻ ሥሩ፣ ወይም ለጤና ባለሙያ ስጡት። አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ደሙ ለመቆም ትንሽ እንደሚዘገይ አስቀድማችሁ እወቁ።

የስኳር ነገር ግን ከደም በላይ ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ቢቆረጥም «አይ!» አይልም። እናታችሁ ዝም ያሉት ስላላመማቸው ይሁን ስላልተሰማቸው ማወቅ አለባችሁ። ለዚህ የሚሆን ምንም መሣሪያ የማይፈልግ መፈተኛ አለ። እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች በሚባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ቤት ውስጥ ለመሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እናትን አስተኟቸው ወይም በደንብ አስቀምጧቸው። ካልሲ ይውለቅ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። «ጣትዎን ስነካዎት ቀኝ ወይም ግራ ይበሉኝ» በሏቸው። ከዚያ በሌባ ጣታችሁ ጫፍ የእግራቸውን ጣት ጫፍ በስሱ ንኩ። አትጫኑ፣ አትኮርኩሩ፣ አትደጋግሙ። አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ብቻ። የምትነኩት በሁለቱም እግር አውራ ጣትን፣ መሐለኛውን ጣትና ትንሿን ጣት ነው፤ በድምሩ ስድስት ቦታ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ መቁረጫውን አስቀምጡ። የስኳር ክትትል የሚያደርጉበት ቦታ ወስዳችሁ እግራቸውን አሳዩ፤ ጥፍሩንም እዚያ ጠይቁ። ስኳር የለባቸውም ብላችሁ ፈተናውን አትዝለሉት። ሳይታወቅ የቆየ ስኳር አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታወቀው በእግር ነው።

እዚያው ቁጭ እንዳላችሁ እግሩን ተመልከቱ። በጣቶች መሐል፣ ከተረከዝ ኋላ፣ ከውስጥ እግር። የስልክ መብራት ይበቃል። ቁስል፣ መግል፣ መጥፎ ጠረን፣ የጠቆረ ጣት፣ ወይም ከሌላው እግር ይልቅ በጣም የቀዘቀዘ እግር ካገኛችሁ የጥፍሩ ነገር ይቆይና ሐኪም ይያቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ሁሉ «መቅላትን እዩ» ይላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ቶሎ አይታይም። ስለዚህ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሁለቱን እግሮች አነጻጽሩ። አንዱ ቦታ ከሌላው ከሞቀ፣ ካበጠ፣ ወይም ቆዳው ከወትሮው ጠቁሮ ካብረቀረቀ እዚያ ውስጥ ነገር አለ።

ጥፍር ላይ የሚታይ ጥቁር መስመርም ያስደነግጣል። በብዙ ጣቶች ላይ ለዓመታት የኖረ ቀጭን ጥቁር መስመር በእኛ ቆዳ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከፈሰሰ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት፤ እዚያ ላይ «ጫማ መትቶኝ ይሆናል» ተብሎ አይታለፍም።

ዕቃው

ብዙ አያስፈልግም። ተራው ትንሽ ጥፍር መቁረጫ ለቀጭን ጥፍር ይሆናል። ወፍራሙን ግን አፉ አይችለውም። ጨምቃችሁ ጨምቃችሁ ስትጫኑት ጥፍሩ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እስከ ሥጋው ይሄዳል። ለወፍራም ጥፍር በፒንሳ መልክ የተሠራ፣ እጀታው ረጅም፣ አፉ ትንሽና ስለታም የሆነ መቁረጫ አለ። የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ሞረዱ ሸካራና ሰፊ ይሁን፤ ለመጨረሻው ማለስለሻ ደግሞ ደቃቁን ያዙ። ከዚህ ሌላ ሳፋ፣ ሁለት ፎጣ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹህ ጎዝ፣ 70 በመቶ አልኮልና ቫዝሊን ይበቃል። ሞረድ ስትሞርዱ አቧራ ስለሚነሳ ማስክም አድርጉ፤ በተለይ ጥፍሩ ፈንገስ ካለበት። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አታውልቁ። የወፍራም ጥፍር ቁራጭ ሲፈናጠር ዓይን ያገኛል።

ምላጭ ከዚህ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ የለም። ብዙ ቤት አያቶች ጥፍራቸውን በምላጭ ሲልጡ ኖረዋል፤ «ምንም አልሆንኩም» የሚሉም አሉ። ያኔ ግን ዓይናቸው ያይ ነበር፣ እግራቸውም ይሰማቸው ነበር። ምላጭ ከጥፍር ሲያመልጥ የሚቆመው ሥጋ ላይ ነው። ቢላና የልብስ መቀስም እንደዚያው።

ዕቃውን በሳሙናና ውሃ እጠቡት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ይድረቅ። በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ብረቱን ያዝገዋል። መቁረጫው የእሳቸው ብቻ ይሁን። ፈንገስም ሆነ የጉበት ቫይረስ ከአንዱ የቤተሰብ አባል ወደ ሌላው በዚህ ሊሄድ ይችላል።

እጥበቱ

እግር ማጠብ በእኛ ቤት የታወቀ ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ለትልቅ ሰው አክብሮት። እናትም ይወዱታል። የሚጠነቀቁት ሙቀቱን ነው። «ሞቅ ያለ ውሃ በጨው» ተብሎ የሚቀርበው አንዳንዴ የሚፋጅ ይሆናል። እግራቸው ለደነዘዘ ሰው ደግሞ ቃጠሎው የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ሲያብጥ ነው። ስለዚህ ውሃውን በክርናችሁ ሞክሩት። ለብ ብሎ ከተሰማችሁ ይሆናል። እጃችሁን ብቻ አትመኑ፤ ቡና ሲያፈላ የኖረ እጅ ሙቀት ለምዷል። በነገራችን ላይ እግር ለማሞቅ ከሰል ምድጃ ዳር መዘርጋትም ያው አደጋ አለው።

እግሩ ውሃው ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ወፍራሙ ጥፍር ሲለሰልስ መቁረጫው ይቀለዋል። ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ግን ቆዳውን ያርሰዋል፣ ያነጣዋል፤ እንዲህ ያለ ቆዳ በጣቶች መሐል ቶሎ ይሰነጠቃል። ስሜት የጠፋበት እግር ደግሞ ጭራሽ አይዘፈዘፍ። በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይውጣ።

በጥርስ ብሩሹ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ቆሻሻ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ይህ ለውበት አይደለም። ወፍራም ጥፍር ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይሞላል፤ እሱ እስካልወጣ ድረስ ጥፍሩ የት አልቆ ሥጋው የት እንደሚጀምር አይታይም። ከዚያ አደራረቁ ላይ አትቸኩሉ። በጣቶች መሐል ፎጣውን አስገብታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። አትሹ፣ ያርፍ ብቻ።

አቀማመጥና መብራት

እናት ክንድ ማሳረፊያ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ጀርባቸው ይደገፍ። እናንተ ዝቅ ብላችሁ በርጩማ ላይ። እግራቸውን ፎጣ በዘረጋችሁበት ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። ከጉልበታችሁ በላይ ከፍ አታድርጉት፤ ዳሌያቸውንና ወገባቸውን ያማል፣ ወደ ኋላም ሊያጋድላቸው ይችላል። መብራቱ ከጎን ይምጣ። ፊት ለፊት ያለ መብራት የጥፍሩን ጠርዝ ጥላ ያጠፋዋል፤ ጥላው ግን ጠርዙን የሚያሳያችሁ ነው።

ዓይናቸው በደንብ የማያይ ከሆነ ሳትናገሩ አትንኩ። «እማዬ፣ አሁን የቀኝ አውራ ጣት ላይ ነኝ፤ መቁረጫውን ላድርግ ነው» በሉ። የማያይ ሰው በድንገት ሲነካ እግሩን ይስባል። ያ እግር ሲሳብ መቁረጫው አፉን ከፍቶ ከሆነ ነገሩ ተበላሸ።

መቁረጡ፦ አንድ ጣት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አንድ ምሳሌ እንያዝ። የ78 ዓመት እናት ናቸው። ስኳር የለባቸውም፣ ደም ማቅጠኛ አይወስዱም፣ ስድስቱንም ንክኪ አውቀዋል። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፣ ቢጫ ነው፣ ወደ ሁለተኛው ጣት ዞሯል። ከጣቱ ጫፍ አልፎ 8 ሚሊ ሜትር ወጥቷል። ሁለተኛው ጣት ጎኑ ላይ ጥፍሩ የተጫነበት ቦታ ጎድጉዷል፤ ቆዳው ግን አልተከፈተም። ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ጤና ጣቢያ ነበር።

መጀመሪያ የምትይዙት ሞረዱን ነው። ከጥፍሩ ላይኛው ፊት ጀምራችሁ ወደ ጫፉ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወዲህና ወዲያ ስትመላለሱ ጥፍሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩም ይላቀቃል። የምትፈልጉት ውፍረቱን መቀነስ ነው። በየጊዜው ቆም ብላችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ሙቀት ከተሰማችሁ ወይም እናት «ተሰማኝ» ካሉ አቁሙ። 4 የነበረው 2 ተኩል ወይም 3 ሲደርስ መቁረጫው ሊይዘው ይችላል። ይህ ብቻ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ጥፍር ሲገጥማችሁ ሬዲዮ ክፈቱ።

አሁን ሥጋው የት ድረስ እንደመጣ መፈለግ ነው። በወፍራም ጥፍር ላይ ነጭ የሚታየው ክፍል ሁሉ ባዶ አይደለም። ጥፍሩ ሲረዝም ከሥሩ ያለው ቆዳ አብሮ ወደፊት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጫፉ በደነዘዘ ትንሽ እንጨት ከጥፍሩ ሥር በስሱ ንኩ። «ይሰማዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰማቸው ቦታ ወሰናችሁ ነው። የደነዘዘ እግር በቤት እንዳይቆረጥ ያልኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ መልስ የሚሰጥ የለም።

በግራ እጃችሁ ጣቱን ያዙ። አውራ ጣታችሁ ከላይ፣ ሌባ ጣታችሁ ከሥር። በሌባ ጣታችሁ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ሥጋ ወደ ታች ሳብ አድርጉ፤ ሥጋው ከመቁረጫው ይርቃል። ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ ከጥፍሩ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ንከሱ። ተውት፣ ቀጥሎ ያለውን 2 ሚሊ ሜትር ንከሱ። እንዲህ እያላችሁ ወደ ሌላው ጎን ትሻገራላችሁ። መስመሩ ቀጥ ይበል። የእጅ ጥፍር እንደምንቆርጠው ክብ አይሁን። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ጥፍር ሲያድግ ጎኑ ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ያ ነው የሚያመረቅዘው።

ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ገብታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። እዚያ የተደበቀች ስለት የምትመስል ጫፍ ትኖራለች፤ እሷን ለማውጣት ሲባል የሚቆረጠው ሥጋ ነው። ሹል የሆነውን ማዕዘን በደቃቁ ሞረድ ለስለስ አድርጉት፣ በቃ።

በዚህ ቀን ከ8ቱ ሚሊ ሜትር 3ቱን ብቻ ውሰዱ። የሚበቃው እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ሞርዱ፣ ደግማችሁ ቁረጡ። በሦስተኛው ሳምንት ከጣቱ ጫፍ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከሥጋው በላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ጥፍር ይቅር። ለስላሳ ጎዝ ወይም ጥጥ ጥቅልል በሁለቱ ጣቶች መሐል አስቀምጡ፤ የጎደጎደው ቦታ ያርፋል። ጎዙ በየቀኑ ይቀየር፣ ማታ ይውጣ። ጥፍሩ እንዲዞር ያደረገው ጫማ ሊሆን ስለሚችል ጫማውንም አብራችሁ እዩ። የጫማው አፍንጫ ጣቶቹን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ከሆነ ሥራችሁ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ያው ጥፍር ይመለሳል።

ለሌሎቹ ጣቶች ይህን ያህል ጣጣ የለም። ቀጭን ጥፍር ሦስት አራት ንክሻ ነው። እናት ከደከሙ ወይም እግራቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ጣት ዛሬ፣ ሌላው ነገ። የመርሳት ችግር ያለባቸው አያት ሲሆኑ ይህ አከፋፈል ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

የእግር ጥፍር በወር 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ያድጋል፤ በዕድሜ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ አንዴ ከተስተካከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መቁረጥ ይበቃል። በየሳምንቱ በመሐል ሞረድ ማስነካት ግን ውፍረቱ ዳግም እንዳይከማች ይረዳል።

ደም ከመጣ

መቼም አንዳንዴ ይመጣል። ንጹህ ጎዝ አድርጋችሁ ጫን በሉ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። 5 ደቂቃ ሙሉ። በየግማሽ ደቂቃው ገልጣችሁ አትዩ፤ የረጋውን ደም ትቀሰቅሱታላችሁ። አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ 10 ደቂቃ ያዙ። በ15 ደቂቃ ካልቆመ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የቡና ዱቄት የሚበትን ዘመድ አይጠፋም። አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም ይባላል። እነዚህ ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ከማስገባት ሌላ ጥቅም የላቸውም፤ ነርሷም ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ እነሱን ማጠብ አለባት። በንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በንጹህ ጎዝ ሸፍኑት። በማግስቱ እና በሦስተኛው ቀን ተመልከቱ። ማበጥ፣ መሞቅ፣ ከፍ ያለ ሕመም ወይም መግል ካለ አትጠብቁ። የቲታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዱ ካላስታወሱም ሐኪሙን ጠይቁ።

ጥፍሩ ሳይሆን ሌላ ነገር ሲሆን

ጥፍር ስትሠሩ ሌላም ነገር ታያላችሁ። በጣቶች መሐል ነጣ ብሎ የራሰ፣ የሚያሳክክ ቆዳ የፈንገስ ነው። ማድረቅና ከፋርማሲ የሚገኝ የፈንገስ ቅባት ብዙውን ያስታግሰዋል። ጥፍሩ ራሱ ቢጫ፣ የሚፈረፈር ሲሆን ግን ቅባት ብቻውን ወፍራም ጥፍር ውስጥ ስለማይገባ ብዙ አይረዳም። እንክብል ከመጀመሩ በፊት ሐኪም መጠየቅ አለበት፤ አረጋውያን ከሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ጋር ላይስማማ ይችላል።

የቤቱ ወለል አፈር ወይም አሸዋ በሆነበት አገር ደግሞ ሙጃሌ አለ። በጥፍሩ ጠርዝ አካባቢ መሐሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ታያላችሁ፤ ያሳክካል፣ ያማል። ጎንበስ ማለት የማይችል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እግር ላይ ብዙ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ ይቆያል። በመርፌ ወይም በእሾህ ማውጣት የተለመደ ነው፣ ግን ያልጸዳ መርፌ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። በቤት የምትችሉት ወለሉን ውሃ እየረጩ መጥረግና እግራቸው ባዶ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

ውስጥ እግር ላይ የደደረ ቆዳ ካለ በተረከዝ ድንጋይ፣ ከእጥበት በኋላ፣ በስሱ ፈግፍጉት። በምላጭ አትላጡት። ለደደረ ቆዳ የሚሸጠው ፕላስተር አሲድ አለው፤ ስኳር ላለበት ሰው እንዳትለጥፉለት፣ ጤነኛውን ቆዳ ያቃጥላል። ተረከዙ ከተሰነጣጠቀ ከእጥበት በኋላ ወዲያው፣ ቆዳው ገና ርጥበት እያለው ቫዝሊን ቀቡት። በጣቶች መሐል ግን አትቀቡ። ቫዝሊኑ ከተቀባ በኋላ ካልሲ ያድርጉ፣ አለበለዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያንሸራትታቸዋል። ከጥፍር ይልቅ መውደቅ የባሰ ነው።

ብቻቸውን ለሚኖሩ

ብቻቸውን ሆነው ዓይናቸው የደከመ፣ እግራቸው የማይደረስ ከሆነ መቁረጫውን ከእጃቸው ውሰዱ። በሞረድ ብቻ ይሥሩ። ረጅም እጀታ ያለው ሞረድ ካላገኛችሁ ተራውን ሸካራ ሞረድ በአንድ ክንድ እንጨት ላይ አጥብቃችሁ አስሩት። ከታጠቡ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ጣት ጥቂት ምት ይበቃል። ማየት አያስፈልግም፤ በመዳሰስ ይሠራል፣ ቢያመልጥም ሞረድ ሥጋ አይቆርጥም። እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ ግን ሞረድም ብቻቸውን አይያዙ። ሰው ይምጣላቸው።

የሚመጣው ሰው ፔዲኪውር የሚሠራ ቢሆን ምንም አይደለም፤ የእሳቸውን ዕቃ ስጡት። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። የጥፍሩን ሥር ቆዳ አትቁረጥ፣ ተረከዙን በምላጭ አትላጥ። ስኳር ያለባቸውን ግን ለውበት ሳሎን አትስጧቸው። አዲስ አበባ ለምትኖሩ ለቆዳ ችግርና ለደነዘዘ እግር አለርት ሆስፒታል የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፤ ሥጋ ደዌም እግር ያደነዝዛልና ሥራው እዚያ የታወቀ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የእግር ሐኪም የሚባል ለብቻው ስላለ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ወደዚያ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ውጭ ሆናችሁ ገንዘብ የምትልኩ ልጆች ቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አትዩ። «እማዬ፣ እስኪ እግርዎን ያሳዩኝ» በሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ስልኩን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ካልሲውን ያውልቅ፣ መጀመሪያ ጣቶቹን ከላይ፣ ከዚያ ውስጥ እግሩን፣ ከዚያ በጣቶች መሐል ያሳይ። ካልሲውን ገልብጦም እንዲያይ ንገሩት። ደም ወይም እርጥብ ነጠብጣብ የሚታየው ካልሲው ላይ ነው፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር ካለም ያኔ ይወጣል።